«ይህን ለምን ቀየርከው?»

የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት የብሮሹሩን ጽሑፍ ለአርታኢ ሰጠ እንበል። ከሳምንት በኋላ የተስተካከለው ሲደርሰው ያነበዋል፤ ጥሩ ይመስላል። ግን ልቡ አላረፈምና የድሮውን አውጥቶ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። አባቱ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። የጥምቀት ቀን ተነካክቷል። ከዋጋው ሥር ሁለት መስመር ተጨምሯል። ከእነዚህ ውስጥ ስህተት ስለሆነ የተነሳው የቱ ነው? አርታኢው ስላልጣመው ብቻ ያወጣውስ? ከወረቀቱ ላይ ይህን ማወቅ አይቻልም። ስልክ ይደውላል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው አርታኢም በመሀል ሌላ ሁለት ሥራ ሠርቷልና ምን አስቦ እንደነበር ለማስታወስ ይታገላል። እንዲህ ያለው ውይይት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው «በቃ የድሮው ይመለስ» በሚል ነው፤ ያን ጊዜ ታዲያ ከነስህተቱ ይመለሳል።

ይህን የሚያስቀረው የለውጥ መዝገብ ነው። መዝገቡ ተራ ሠንጠረዥ ነው፤ በኤክሴልም፣ በጉግል ሺትም፣ በወርድም ይሠራል። በየረድፉ አንድ ለውጥ ይመዘገባል። መጀመሪያ ተራ ቁጥር፣ ቀጥሎ ለውጡ ያለበት ቦታ፣ ከዚያ የነበረው ቃል በቃል፣ የሆነው ቃል በቃል፣ ከዚያ ምክንያቱ ይጻፋል። የመጨረሻው ዓምድ ባዶውን ይተዋል፤ የደንበኛው መልስ ነው። የመዝገቡ ጥቅም ያለው ምክንያቱ በሚጻፍበት ዓምድ ውስጥ ነው፤ የቀረው ለእሱ መደላድል ነው።

«ወርድ ራሱ ለውጡን በቀለም ያሳይ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያሳያል። በ Ctrl+Shift+E የሚከፈተው Track Changes የተሰረዘውንና የተጨመረውን ሁሉ ይይዛል፤ አርታኢም ሲሠራ ሊከፍተው ይገባል። ግን የሚያሳየው ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው። የተነሳ ትርፍ ክፍተትና የተቀየረ ዋጋ በአንድ ዓይነት ቀለም ይወጣሉ፤ ለምን እንደተቀየሩም አይናገርም። ሌላው ችግር ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ለውጦቹ ተቀባይነት አግኝተው ጽሑፉ ወደ ዲዛይነሩ ሲሄድ ምልክቶቹ ይጠፋሉ። ከዓመት በኋላ ብሮሹሩ እንደገና ሲታተም «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚል ሰው ቢነሳ የሚመልስለት ፋይል የለም። መዝገቡ ግን ይቀመጣል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ጉዳይ እንየው። ድርጅቱን ለማሳያ ብዬ የፈጠርኩት ነው፤ ግድፈቶቹ ግን በዚህ ዓይነት ብሮሹሮች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ናቸው። ብሮሹሩ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ የኤ4 ወረቀት ነው፤ ስድስት ገጽ ይኖረዋል፤ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት አሥር ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን አንባቢዎቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጡ፣ አልፈውም ሰሜን ተራሮችንና ላሊበላን ማየት የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

አርታኢው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ደንበኛው የላከውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ ስሙ ላይ «የመጀመሪያ» ብሎ ቀኑን ይጨምርበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። በቅጂው ላይ ገጾቹን ከ1 እስከ 6፣ በየገጹ ያሉትን አንቀጾች ደግሞ በተራ ይቆጥራል። በመዝገቡ ላይ «ገጽ 3፣ አንቀጽ 2» የሚለው ሁልጊዜ የሚያመለክተው ይህን የመጀመሪያውን ፋይል ነው። በመስመር ቁጥር መጥቀስ ያስቸግራል፤ አንድ ቃል በተቀነሰ ቁጥር መስመሮቹ ይንሸራተታሉና አሥረኛው ረድፍ ላይ ሲደረስ ቁጥሩ ከቦታው ጋር አይገናኝም።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቆየ ብሮሹር ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ገልብጠው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው «የነበረው» በሚለው ዓምድ ውስጥ ጽሑፉን እንደገና በእጁ መጻፍ ነው። ይህ አደገኛ ነው። እጅ ሲጽፍ ሳያውቀው ያርማል፤ የነበረው ስህተት ከመዝገቡ ይጠፋል፤ ደንበኛውም «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም» ቢል እውነቱን ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ፣ ከታተመው ጋር አስተያይቶ፣ ደንበኛው «አዎ፣ የኔ ጽሑፍ ይሄ ነው» እንዲል ማድረግ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

አሁን ወደ ረድፎቹ እንግባ።

ገጽ 2፣ አንቀጽ 1።
የነበረው፦ «ጃንዋሪ 18 ከተራን፣ ጃንዋሪ 19 ጥምቀትን በጎንደር አክብረው በዚያው ዕለት ማታ ይመለሳሉ።»
የሆነው፦ «ጥር 10 ከተራን፣ ጥር 11 ጥምቀትን በጎንደር አክብረው በዚያው ዕለት ማታ ይመለሳሉ (በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 እና 19፤ በ2028 ግን ጃንዋሪ 19 እና 20)።»
ምክንያት፦ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት አዲሱ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር መስከረም 11 ሳይሆን 12 ላይ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2024 እንዲህ ሆኗል፤ ቀጣዩ 2028 ነው። በነበረው ጽሑፍ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በ2028 ከተራን ብቻ አይቶ ጥምቀት ሊነጋ ሲል ይመለሳል።

ይህ ምክንያት ምን እንዳደረገ ልብ ይበሉ። ስህተቱን ይናገራል፤ ደንበኛው ራሱ ከግድግዳው ካላንደር ላይ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ይሰጣል፤ ባይታረም ማን እንደሚጎዳም ያሳያል። በዚህ ፈንታ «ለማስተካከል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ባለቤቱ «ጥምቀት ጃንዋሪ 19 መሆኑን ዓለም ያውቃል» ብሎ ይመልሰው ነበር። ደግሞም አብዛኛውን ዓመት ልክ ነው።

ቀጣዩ ረድፍ የተለየ ባሕርይ አለው። ገጽ 3 ላይ የሰሜን ተራሮች ጉዞ «መነሻ 12 ሰዓት» ይላል። አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህ ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ሃያ ዓመት ዋሽንግተን ለኖረ ሰው ደግሞ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር አራት ትርጉም አለው ማለት ነው። አርታኢው ከጎንደር ደባርቅ ያለውን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስቦ «ንጋት መሆን አለበት» ብሎ መገመት ይችላል፤ ግምቱም ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም በግምት መሙላት የለበትም። በመዝገቡ ላይ «የሆነው» የሚለውን ዓምድ በሐሳብ ደረጃ ይሞላዋል፦ «ከንጋቱ 12 ሰዓት (በውጭ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6 ሰዓት)»፤ ምክንያቱ ላይ ደግሞ «ንጋት ነው? እባክዎ ያረጋግጡ» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያውቀው መኪናውን የሚያስነሳው ሰው ብቻ ነው።

ዋጋውም እንዲሁ ነው። ገጽ 4 «ሁሉን ያካተተ» ይላል፤ ገጽ 5 ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል «የፓርክ መግቢያና የአስካውት ክፍያ በተጓዡ ይሸፈናል» ተብሏል። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለ አስካውት አይገባምና ይህ ወጪ የማይቀር ነው። ሁለቱ አባባሎች አብረው አይቆሙም፤ የትኛው እንደሚወድቅ ግን አርታኢው አይወስንም፤ ነገሩ ገንዘብ ነው፣ የድርጅቱ ቃል ነው። ከዋጋው ሥር ሁለት መስመር አስገብቶ፣ የተካተተውንና ያልተካተተውን ለይቶ፣ ጎኑ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጎ ያስረክባል። መጀመሪያ ላይ ባለቤቱን ያስደነገጡት ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው።

ገጽ 1 ላይ «ኢትዮጵያ ካሏት 9 የዓለም ቅርሶች» የሚል አለ። ይህ ሲጻፍ ትክክል ነበር፤ ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተመዘገበ በኋላ ለዓመታት ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር። ከዚያ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተጨምረው 12 ሆነ። አርታኢው «9»ን በ«12» ተክቶ ምክንያቱን ከሦስቱ ስሞች ጋር ይጽፋል። እዚያው ረድፍ ላይ አማራጭም ያስቀምጣል፦ ብሮሹሩ ብዙ ቅጂ ታትሞ ለዓመታት የሚበተን ከሆነ ቁጥሩን አውጥቶ የሚያስጎበኟቸውን ቦታዎች ስም መጥራት ይሻላል። እኔ ብሆን አማራጩን ነው የምመርጠው። ቁጥሩ ነገ ሊያረጅ ይችላል፤ ላሊበላ ግን የትም አይሄድም።

የራስ ዳሸን ከፍታ ደግሞ ትንሽ ያከራክራል። በደንበኛው ጽሑፍ 4,620 ሜትር ነው፤ በቆዩ መጻሕፍት ላይ ይህ ቁጥር አለ። በቅርብ ጊዜ ምንጮች በብዛት የሚገኘው ግን 4,550 ነው። እዚህ ላይ የደንበኛው ቁጥር «ስህተት ነው» ብሎ መጻፍ ትዕቢት ይሆናል። መዝገቡ ሁለቱንም ቁጥሮች ጠቅሶ «ከ4,500 ሜትር በላይ» የሚለውን ያቀርባል፤ በማንኛውም ልኬት እውነት ነው፤ ለተጓዡም ወፍራም ጃኬት መያዝ እንዳለበት ለመረዳት ይበቃዋል።

አሁን አባትየው ወደጻፉት ዓረፍተ ነገር እንምጣ። ገጽ 6 ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «ድርጅታችን ለውድ ደንበኞቹ ምቹና አስደሳች የሆነ የጉዞ አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኝ ሲሆን እንግዳን ማክበር የአባቶቻችን ወግ መሆኑንም ያምናል።» አርታኢው «ጎንደርን፣ ሰሜን ተራሮችንና ላሊበላን እናስጎበኛለን» ብሎ ተካው። ምክንያቱንም እንዲህ ጻፈ፦ «ምርጫ። ሐረጉ ማንኛውም ድርጅት ሊለው የሚችለው ስለሆነና ገጹ ስለጠበበ አሳጠርኩት። የነበረው የሰዋስው ችግር የለበትም።»

«ምርጫ» የምትለዋ ቃል ናት መዝገቡን የምታስታርቀው። እስካሁን ያየናቸው ረድፎች ከሦስት ዓይነት አንዱ ናቸው፤ ስህተት፣ ጥያቄ ወይም ምርጫ። የደንበኛው ሥልጣን በሦስቱ ላይ አንድ አይደለም። በስህተቱ ላይ አርታኢው ማስረጃ አቅርቦ ይከራከራል፤ ደንበኛው ካልተቀበለው ቢያንስ አውቆ ነው የሚተወው። በጥያቄው ላይ የሚወስነው ደንበኛው ብቻ ነው። በምርጫው ላይ ደግሞ ደንበኛው ያለ ምንም ምክንያት «አይሆንም» ማለት ይችላል፤ አርታኢውም ሳያኮርፍ ይመልሳል። ብዙ አርታኢዎች የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። የራሳቸውን ጣዕም ሕግ አስመስለው ያቀርባሉ፤ ደንበኛው አንዱን ሕግ ውሸት ሆኖ ሲያገኘው የጥምቀቱን ቀን ጭምር ማመን ያቆማል። በእኛ ምሳሌ ባለቤቱ ምርጫ የተባለውን አይቶ የሁለተኛውን ግማሽ መመለስ ይችላል፦ «እንግዳን ማክበር የአባቶቻችን ወግ ነው።» እውነቱን ለመናገር ከአርታኢው ዓረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ያምራል። በመልሱ ዓምድ «ግማሹ ይመለስ» ተብሎ ከነቀኑ ይገባል፤ ረድፉ ግን አይሰረዝም።

በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሃያ ሠላሳ ጊዜ የሚደጋገሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ገጽ «ይምጡ» ሲል ሌላው «ኑ» ይላል፤ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሀገር» እና «አገር» ተደበላልቀዋል፤ በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ፣ ማለትም «፡፡» ገብቷል። ይህኛውን ዓይን አይለየውም፤ ኮምፒውተሩ ግን «።»ን ሲፈልግ አያገኘውም። እያንዳንዱን በየረድፉ መመዝገብ ደንበኛውን ማሰልቸት ነው። ለአንድ ዓይነት ለውጥ አንድ ረድፍ ይበቃል፦ «በሙሉ ጽሑፉ አንባቢው በእርስዎ እንዲጠራ ተደርጓል»፤ «ዓመት በዓይኑ ዓ ተጽፏል»፤ «፡፡ ሁሉ ወደ ። ተቀይሯል»። ፊደሉን አስመልክቶ ምክንያቱ ወጥነት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ደንበኛው «እኛ አመት ነው የምንጽፈው» ካለ እሱም ወጥ እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበታል። መዝገቡን በገጽ ተራ ማስረከብ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄዎቹ ከላይ፣ ስህተቶቹ ቀጥለው፣ ምርጫዎቹ ከታች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሥራ የበዛበት ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ረድፎች አንብቦ ስልክ ሊመጣበት ይችላል፤ እነዚያ አምስቱ እሱ ካልመለሳቸው ሥራው የማይራመድባቸው ይሁኑ። ለእንዲህ ያለ ባለ ስድስት ገጽ ብሮሹር ከሃያ ረድፍ ብዙም ባያልፍ ጥሩ ነው። ስድሳ ከደረሰ ወይ ጥቃቅኑ አልተጠቃለለም፣ ወይ አርታኢው ጽሑፉን እንደ አዲስ ጽፎታል። ሁለተኛው ከሆነ መዝገብ አይመልሰውም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

መዝገቡ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቅበት አንድ ፈተና አለ፤ ደንበኛውም ራሱ ሊያደርገው ይችላል። በወርድ ውስጥ Review ከሚለው ሥር Compare የሚባል አለ። የመጀመሪያውን ፋይልና የመጨረሻውን ሲሰጡት ልዩነቱን ሁሉ አውጥቶ ያሳያል። እያንዳንዱ ምልክት ወይ የራሱ ረድፍ፣ ወይ ከጥቅል ረድፎቹ በአንዱ ሥር የሚወድቅበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ቤት አልባ ለውጥ ከተገኘ አርታኢው ሳይናገር ያደረገው ነው፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፣ መዝገቡን ሥራው ካለቀ በኋላ ከትዝታ የሚሞላ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ለዚህ ነው ረድፉ ለውጡ በተደረገበት ደቂቃ መጻፍ ያለበት። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ ረድፉ አለ፣ ለውጡ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ሁለት ቅጂ ተደበላልቆ የቀድሞው ወደ ዲዛይነሩ ሲሄድ ነው።

ዲዛይነሩ ጋ ሌላ ዙር አለ። ቦታ ሲጠብ አንድ ቃል ይቀነሳል፤ ሲገለበጥ አንድ መስመር ይቀራል፤ ባለቤቱም በስልክ «እዚያ ጋ አዲሱን ቁጥራችንን ጨምርልኝ» ይላል። እነዚህም በዚያው መዝገብ ላይ፣ ማን እንዳዘዘው ተጠቅሶ ይገባሉ። ከማተሚያ ቤት በፊት የመጨረሻው የዲዛይን ቅጂ በመዝገቡ መሠረት በዓይን ይነበባል፤ ጥምቀት፣ 12 ሰዓት፣ ዋጋ፣ 12 ቅርስ እያሉ አንድ በአንድ። ሠንጠረዡ እዚህ ላይ የማረጋገጫ ዝርዝር ሆኖ ያገለግላል።

መዝገቡ የማይሠራቸውም ነገሮች አሉ። አርታኢው ያላየውን ስህተት አያወጣም፤ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ማንም ሳይደውልበት ካለፈ መዝገቡ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ብሮሹሩ ደንበኛ ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለውንም አይናገርም። ጊዜም ይወስዳል፤ አርታኢው ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቅ አግባብ ነው።

የድርጅታችሁን ብሮሹር ለአርታኢ ልትሰጡ ከሆነ መዝገብ እንደምትፈልጉ ዋጋ ስትነጋገሩ ተናገሩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ መዝገብ ከትዝታ ይሞላልና። ሲደርሳችሁም የመልሱን ዓምድ በ«ይሁን»፣ በ«አይሁን» ወይም በ«እንነጋገር» ሞልታችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት መልሱ። ባዶ የቀረ ረድፍ እያለ ወደ ማተሚያ ቤት አትላኩት።